አይቡ ለምን ቶሎ ይበላሻል፣ ቅቤውስ ለምን ይቆያል?

በካምባ ደጋ ከአንድ መናጫ ሁለት ነገር ይወጣል። እርጎው ተንጦ ቅቤው ሲለይ የቀረው አሬራ በቀስታ እሳት ላይ ይጣዳል። ሲሞቅ ይቋጥራል፤ አጓቱ ሲጠለል አይብ ይሆናል። ቅቤው ደግሞ ከኮረሪማ፣ ከኮሰረትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይነጠራል። ሁለቱም ከአንድ ወተት መጡ፣ ሁለቱም እሳት አዩ። አይቡ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላሻል፤ ንጥር ቅቤው ወራት ይቆያል። ምግብን የሚጠብቀው እሳት ብቻ ቢሆን ዕድሜያቸው በተቀራረበ ነበር። ይህን ልዩነት በትክክል ለማስረዳት ሳይንስ ዘጠና ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል።

የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው በፈረንሳይ ነው። በ1860ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሉዊ ፓስተር ባደገባት በአርቧ ከተማ የተበላሸ ወይን ጠጅ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። በደህናው ጠጅ ውስጥ እርሾ ብቻ ሲያይ በኮመጠጠውና በመረረው ውስጥ ሌሎች ተሕዋስያን አገኘ። ጠጁን ማፍላት ጣዕሙን ያጠፋዋል። ስለዚህ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ብቻ ለአጭር ጊዜ አሞቀው። ጠጁ ጣዕሙን እንደያዘ ቆየ። በ1865 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ይህ ዘዴ ዛሬ በስሙ ፓስቸራይዜሽን ይባላል። ለወተት ሲሆን 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ፣ ወይም 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ ይሞቃል። በዚህ ሙቀት የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ፣ ሳልሞኔላና እርሾ ይሞታሉ።

ሁሉም ግን አይሞቱም። ይህን ዋጋ ከፍሎ የተማረው ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ጆን ቲንዳል ነው። ድርቆሽ ዘፍዝፎ ውሃውን ለአምስት ደቂቃ ሲያፈላው ንጹሕ ሆኖ ይቆይለት ነበር። በ1876 አካባቢ ግን ያረጀ ድርቆሽ ወደ ቤተ ሙከራው ገባ፤ ከዚያ ወዲያ አፍልቶ ያስቀመጠው ሁሉ ይደፈርስበት ጀመር። ለሰዓታት ቢያፈላም ለውጥ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ኮን የድርቆሽ ባክቴሪያ ሲቸገር በጠንካራ ልባስ ውስጥ እንደሚተኛ በማይክሮስኮፕ አይቶ ነበር። ይህ የተኛ ሕዋስ ስፖር ይባላል። ቲንዳል የተረዳው ነገር ይህ ነው፦ ስፖር ሲነቃ ልባሱን ይጥላል፣ ያን ጊዜ በቀላሉ ይሞታል። ስለዚህ ውሃውን ለአጭር ጊዜ አፍልቶ ማቆየት፣ በማግሥቱም ደግሞ ማፍላት ጀመረ። በየመካከሉ የነቁት እየሞቱ ውሃው ጠራለት።

እንግዲህ ፓስቸራይዝ ከተደረገ ወተት ውስጥ የሚተርፉት እነማን ናቸው? በመጀመሪያ ደረጃ እንደ ባሲለስ ያሉ ስፖር ሠሪዎች ናቸው፤ ከእነሱ ቀጥሎ እንደ ኢንቴሮኮከስ ያሉ፣ ስፖር ባይኖራቸውም 60 ዲግሪን ለ30 ደቂቃ የሚችሉ ባክቴሪያዎች አሉ። የስፖሮቹን ሥራ በቤት ውስጥ መለየት ይቻላል። ያልፈላ ወተት ሲበላሽ መጀመሪያ ይኮመጥጣል። ፈልቶ በሙቅ ቦታ የተተወ ወተት ግን ሳይኮመጥጥ ሊረጋና ሊመር ይችላል። አኮምጣጮቹ በእሳት ሞተዋል፤ ቦታውን የያዙት ከስፖር የነቁት ናቸው።

አይቡ ላይ ይህ ሁሉ ይታያል። በ1990 ተመራማሪው ሞገሴ አሸናፊ ከአዋሳ ገበያ የተሰበሰቡ አይቦችን መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። በአብዛኞቹ ውስጥ ኢንቴሮኮከስን ጨምሮ ባክቴሪያዎች፣ እንዲሁም እርሾ በብዛት ተገኙ። ኢንቴሮኮከስ ሙቀቱን ችሎ ሊተርፍ ይችላል። እርሾው ግን ለብ ካለ እሳት ካልሆነ በቀር አይተርፍም፤ በደንብ ከሞቀ አይብ ላይ ከተገኘ የገባው በኋላ ነው፤ ከእጅ፣ ከዕቃ፣ ከተጠቀለለበት ቅጠል። አይቡ ኮምጣጣ ስለሆነ ስፖሮቹ እንደተኙ ይቀራሉ። እርሾና ሻጋታ ግን ኮምጣጣ አይፈሩም፤ ደግሞም ከአይቡ ክብደት አብዛኛው ውሃ ነው። እሳት የሚገድለው በዚያች ሰዓት ያገኘውን ነው፤ ነገ የሚመጣውን አይከለክልም።

ቅቤው ለምን እንደሚቆይ ለመረዳት ሌላ ጥያቄ መፈታት ነበረበት። ማር ከመቶ 18 እጅ ያህል ውሃ አለው፣ አይበሰብስም። 18 በመቶ ውሃ የያዘ በቆሎ ግን ጎተራ ውስጥ ይሻግታል። የውሃው መጠን አንድ ነው፤ ዕጣቸው ግን ለየቅል ነው። መልሱን በልኬት ያስቀመጠው አውስትራሊያዊው ደብልዩ ጄ ስኮት ነው። እሱ የለካው ምግቡ ስንት ውሃ እንዳለው ሳይሆን ውሃው ምን ያህል ነፃ እንደሆነ ነው። ምግቡን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አድርገን በላዩ ያለውን የአየር እርጥበት ብንለካ፣ 60 በመቶ ከሆነ ልኬቱ 0.60 ነው፤ የንጹሕ ውሃ 1 ነው። ባለሙያዎች ዋተር አክቲቪቲ ይሉታል። በማር ውስጥ ስኳሩ ውሃውን አጥብቆ ስለያዘው ልኬቱ ወደ 0.60 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። በቆሎው ውስጥ ያንኑ ያህል ውሃ ብዙው ነፃ ነው።

ስኮት በ1953 ምግብ የሚመርዘውን ስታፊሎኮከስ በጨውም፣ በስኳርም፣ በደረቀ ሥጋና በደረቀ ወተትም ሞከረው። ምግቡ ቢለያይም ባክቴሪያው የሚያቆመው እዚያው 0.86 አካባቢ ሆነ። ሌሎች ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ከ0.91 በታች ማደግ አይችሉም። ብዙዎቹ ሻጋታዎች እስከ 0.80 ይዘልቃሉ። ጥቂት የስኳር እርሾዎችና ድርቀት ወዳድ ሻጋታዎች ብቻ እስከ 0.61 ድረስ ይወርዳሉ። ከዚያ በታች የሚያድግ ተሕዋስ የለም ማለት ይቻላል።

ንጥር ቅቤ በዚህ ልኬት ታች ነው። ጥሬ ቅቤ ከስድስት እጅ አንዱ ያህል ውሃ ስለሆነ ይሻግታል። ሲነጠር መንጫጫቱ የሚያቆመው ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ነው፤ ባለሙያዋ እናት ከእሳት የምታወርደው ይህን በጆሮዋ ተከታትላ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያሰጋው አየርና ብርሃን የሚያመጡት መጥፎ ሽታ ነው፤ ተሕዋስ አያድግበትም።

ግን ድርቀት አይገድልም፤ ያስተኛል። እንዲያውም ከእሳት ይከላከላል፦ ወተት ውስጥ 70 ዲግሪ ላይ በሰከንዶች የሚሞተው ሳልሞኔላ ቸኮሌት ውስጥ በዚያው ሙቀት ለሰዓታት ይቆያል። ጠጅ የሚጥል ሰው ይህን ያውቀዋል። ማሩ ውስጥ ወራት ተኝቶ የቆየ እርሾ ውሃ ሲጨመርበት ነቅቶ ይፈላል። የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ስፖርም እንዲሁ ማር ውስጥ ሳያድግ ይኖራል። ለአዋቂ ሆድ ስጋት አይሆንም፤ የሕፃን አንጀት ውስጥ ግን ነቅቶ መርዝ ሊሠራ ይችላል። ይህ የሕፃናት ሕመም በካሊፎርኒያ የታወቀው በ1976 ነው። ማሩን ማሞቅም ስፖሩን አይገድለውም።

ስለዚህ ንጥር ቅቤያችሁ ውስጥ እርጥብ ማንኪያ አታስገቡ፤ አይቡን ዛሬ ብሉት እንጂ አታቆዩት። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ደግሞ ማር አታልሱ።