«አዎ» ለየትኛው?

የ30 ቤት ነዋሪዎች ያሉበትን የአንድ ኮንዶሚኒየም ብሎክ የቴሌግራም ግሩፕ እንውሰድ። ማታ 1 ሰዓት ላይ የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ እንዲህ ብላ ትጽፋለች፦ «የውሃ ፓምፑ ተቃጥሏል። ባለሙያው 4,500 ብር ጠይቋል። ከየቤቱ 150 ብር ብናዋጣ ትስማማላችሁ?» ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎረቤት «በሩን የዘጋው ነጭ ቪትዝ የማን ነው? ይነሳልን» ይላል። አንዲት እናት ደግሞ «ነገ ትምህርት አለ እንዴ?» ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ በታች «አዎ»፣ «እኔ ነኝ፣ አሁን እወርዳለሁ»፣ «አዎ»፣ «የለም»፣ «እሺ» እየተባለ ይቀጥላል። ገንዘብ ያዧ ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ለፓምፑ ትቁጠር? «የለም» ያለው ሰው ብር የለኝም ማለቱ ነው ወይስ ነገ ትምህርት የለም?

ጥፋቱ የማንም አይደለም። ግሩፕ መልእክቶችን የሚደረድረው በደረሱበት ሰዓት እንጂ በጉዳያቸው አይደለም። ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር ነገሩ ይብሳል፤ ወዲያው የተጻፈ «አዎ» ስልኩ ላይ ቆይቶ ኔትወርኩ ሲመለስ ይላካል፣ ያኔ ከላዩ ያለው ጥያቄ ሌላ ሆኗል። ሪፕላይ የተሠራው ለዚህ ነው። ቴሌግራም ላይ መልስ የምንሰጥበትን መልእክት በጣት ይዞ ወደ ግራ መሳብ በቂ ነው፤ ዋትስአፕ ላይ የሚሳበው ወደ ቀኝ ነው። መሳቡ ካልመቸ መልእክቱን ነክቶ ከሚመጣው ዝርዝር Reply የሚለውን መምረጥ ይቻላል። ከመጻፊያው ሳጥን በላይ የዋናው መልእክት ጅምር ብቅ ካለ ተይዟል ማለት ነው። ካላለ «አዎ»ው ብቻውን ይሄዳል።

እንዲህ የተላከ መልስ የጥያቄውን ቁራጭ በራሱ ላይ ይዞ ይወጣል። ከሦስት ቀን በኋላ ግሩፑን የከፈተ ሰው ያችን ቁራጭ ሲነካ ስልኩ ወደ ዋናው መልእክት ይወስደዋል፤ ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን ቀስት ሲጫን ደግሞ ወደነበረበት ይመለሳል። ገንዘብ ያዧም ስትቆጥር የፓምፑን ጥያቄ የያዙትን መልሶች ብቻ ታያለች።

ሪፕላይ የማይሸፍነው አንድ ቀዳዳ አለ፤ እሱም እርማት ነው። ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የላኩትን መልእክት እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማረም ይቻላል። ገንዘብ ያዧ 150 ያለችውን በኋላ 200 ብላ ብታርመው፣ ከእርማቱ በፊት «እስማማለሁ» ያለው ሁሉ በ200 ብር የተስማማ ይመስላል። መልእክቱ ጥግ ላይ edited የምትል ትንሽ ጽሑፍ ትታያለች፣ ግን ስንቱ ያስተውላታል? ስለዚህ ብር፣ ቀን ወይም ሰዓት ያለበት ጉዳይ ላይ መላውን መልእክት ሳይሆን ቃላቱን ራሳቸውን ይዞ መመለስ ይሻላል። ከመልእክቱ ውስጥ «ከየቤቱ 150 ብር» የሚለውን ብቻ መርጦ Quote ሲሉት፣ የተመረጡት ቃላት መልሱ ላይ እንዳሉ ይቀራሉ። ይህ ከ2023 ወዲህ የመጣ ነው። አስተካካይዋም ብትሆን ዋጋ ሲለወጥ የድሮውን ከማረም አዲስ መልእክት ብትጽፍ ለራሷም ክርክር ትቀንሳለች።

ሪፕላይ መልእክትን ሲይዝ፣ ሜንሽን የሚይዘው ሰውን ነው። እኛ ሰፈር «ታግ አድርገው» የሚባለው ማለት ነው። ብዙ ሰው ግሩፑን ድምፁን ዘግቶ ነው የሚኖረው፤ ያ ሁሉ መልእክት ቀኑን ሙሉ ቢጮህበት ሥራ አይሠራም። ቴሌግራም ግን ስማችን በ@ ሲጠራ ወይም ለጻፍነው ሪፕላይ ሲደረግ፣ ግሩፑን ብንዘጋውም ያሳውቀናል። ግሩፑ ስም አጠገብም የ@ ምልክት ይወጣል፤ ከፍተን ስንነካው ከመቶ መልእክት መካከል እኛ ወደተጠራንበት ቦታ በቀጥታ ይወስደናል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «@አልማዝ ቁልፉ ካንቺ ጋር ነው?» ብለው በእጃቸው ይጽፉና መልስ ሲጠፋ ይቀየማሉ። አልማዝ ግን አልተጠራችም። የቴሌግራም ዩዘርኔም የሚሠራው በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በ_ ምልክት ብቻ ነው፤ በፊደላችን የተጻፈ ዩዘርኔም የለም። ስለዚህ @ ጽፎ «አልማዝ» ብሎ መጨረስ ተራ ጽሑፍ ብቻ ነው። መንገዱ @ ጽፎ ትንሽ መጠበቅ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ሰውየዋን ፈልጎ ስሟን መንካት ነው። ዩዘርኔም ባይኖራትም ስሟ በአማርኛ እንደተመዘገበ ይገባል። ስሙ ከሌላው ጽሑፍ በቀለም ከተለየ ጥሪው ይዟል። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለች ምናልባት ከግሩፑ ወጥታለች፣ ያኔ መደወል ነው።

ሪአክሽን ከሁለቱም ዝቅ ያለ ድምፅ አለው፣ ጥቅሙም እሱ ነው። «ውሃ መጥቷል» ለሚል ማስታወቂያ ሃያ ሰው «እሺ» ብሎ ቢጽፍ ሃያ መልእክት ይሆናል፤ ሃያ ሰው 👍 ቢነካ ግን ከመልእክቱ ሥር 20 የሚል ቁጥር ይወጣል እንጂ የሌላውን ስልክ አያስጮህም። ምልክቱን ተጭኖ በመያዝ ማን እንደነካ ማየትም ይቻላል።

በለቅሶ ጊዜ ግን ነገሩ ስስ ነው። የዕድር ግሩፕ ላይ «የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ነገ 6 ሰዓት ይፈጸማል» የሚል መልእክት ሲወጣ ሁሉም «ነፍስ ይማር» ይጽፋል። ከልብ ነው፣ ደግም ነው፤ ሆኖም ዘግይቶ የገባው ሰው ሰዓቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ለማግኘት ሰማንያ «ነፍስ ይማር» ወደ ላይ መግፋት አለበት። እኔ 🙏 በቂ ነው ባይ ነኝ፣ ቃሉን ለሐዘንተኛው በግሉ ወይም በአካል ማድረስ ይበልጣል። የግሩፑ አድሚን ደግሞ ማስታወቂያውን ፒን ቢያደርገው ሰዓቱ ከላይ ቆሞ ይውላል። መጠንቀቅ ያለብን ሁለት ጊዜ መንካትን ነው። ቴሌግራም ላይ መልእክትን ፈጥኖ ሁለት ጊዜ መንካት ፈጣን ሪአክሽን ይልካል፤ መርዶ እያነበበ ጣቱ ያመለጠው ሰው ልብ ወይም አውራ ጣት ልኮ ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። መልሶ ምልክቱን ቢነካው ይጠፋል፤ በቴሌግራም ቅንብር ውስጥም ፈጣኑን ሪአክሽን ወደ 🙏 መቀየር ይቻላል።

የሩቅ ሰው ያለበት ግሩፕ አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠይቃል። አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የቤተሰብ ግሩፕ ላይ እዚያ ያለችውን እህት በ@ ብንጠራት፣ ግሩፑን ዘግታ ብትተኛም ስልኳ ሊቀሰቅሳት ይችላል፤ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ጥሪ ደግሞ ልብ ያስደነግጣል። ጉዳዩ እስኪነጋ የሚቆይ ከሆነ መላኪያውን ቀስት ተጭኖ ይዞ Send without Sound የሚለውን መምረጥ ይቻላል። ጥሪው ያለ ድምፅ ይደርስና ጠዋት ስትነሳ @ ምልክቱን ታገኘዋለች።