ዳቦ ቤቱ ድረ ገጽ ሲከፍት ለደንበኛ ምን ይባል?

አንድ ዳቦ ቤት ድረ ገጹን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲያስተዋውቅ ብዙ ጊዜ «ድረ ገጻችን ተከፈተ፣ ይጎብኙን» ብሎ ያበቃል። ደንበኛው ግን ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ለቅዳሜ ድፎ ዳቦ እስከ መቼ ልዘዝ? የጾም ኬክ አለ? ቀብዱ ስንት ነው?

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። በውጭ አገር አቆጣጠር የተሠራ የማዘዣ ቅጽ 9:00 ብሎ ሲያሳይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ደንበኛዋ ግን «9 ሰዓት» ብላ አንብባ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። የልጇ የልደት ኬክ 6 ሰዓት ሙሉ ሲጠብቃት ይውላል፤ ማቀዝቀዣው ከሞላ ደግሞ ክሬሙ ይላላል። ስለዚህ መልእክቱ ክፍለ ቀኑን ሳይጠቅስ ሰዓት መጥራት የለበትም። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ከዛሬ ጀምሮ ድፎ ዳቦና ኬክ በድረ ገጻችን ማዘዝ ይችላሉ። ለቅዳሜ የሚፈልጉትን እስከ ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ይዘዙን። የጾም ኬክ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተትና ያለ ቅቤ እንጋግራለን። መረከቢያ፦ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት። ቀብድ የዋጋው ግማሽ ነው።»

ከመለጠፍዎ በፊት ሊንኩን ለራስዎ ይላኩት። ከሥሩ የሚወጣው ፎቶ የቆየው ከሆነ ቴሌግራም የቀድሞውን ይዞ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሊንኩን ለ @WebpageBot ሲልኩት ይታደሳል። ኢንስታግራም ላይ ግን ከፎቶ ሥር የተጻፈ ሊንክ ቢነኩትም አይከፈትም፤ በገጽዎ መግለጫ ውስጥ ያስገቡት።