የመጀመሪያው ወር በዐረብ አገር፦ ካሜራ ፊት ምን ይነገራል?

ከከሚሴ፣ ከባቲ ወይም ከጅማ ተነስታ ኤምሬትስ የገባች እህት አንድ ወር ሲሞላት፣ በቦቲም የሚደውልላት ሁሉ «አገሩ እንዴት ነው?» ይላታል። ዛሬ ዛሬ ብዙ ወጣቶች ይህንን ጥያቄ ለእያንዳንዱ ሰው ከመመለስ ይልቅ ስልካቸውን ፊታቸው አቁመው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይመልሱታል። ቪሎግ የሚባለው ይኸው ነው፤ በተንቀሳቃሽ ምስል የሚቀርብ የራስ ማስታወሻ ማለት ነው። እኛ እዚህ የምናየው ከቀረጻው በፊት ወረቀት ላይ የሚሰፍረውን ንግግር ነው። ወረቀት ላይ ያለ ቃል ይሰረዛል፤ የተላለፈ ምስል ግን ባለቤቱ ቢያጠፋውም በሌላ ሰው ስልክ ላይ ሊቀር ይችላል።

የቤት ሠራተኛ ነገር ከሌላው ሠራተኛ ይለያል። ግንበኛው ወይም የሱቅ ሠራተኛው ስለ ሥራ ቦታው ሲያወራ የሚያወራው ስለ ሥራ ቦታ ነው። እርሷ ግን የሥራ ቦታዋ የሌሎች ሰዎች መኝታ ቤት፣ ማዕድ ቤትና የልጆች ክፍል ነው። ስለዚህ ስለ ሥራዋ ስትናገር፣ ሳታስበው የአንድን ቤተሰብ ገመና ትናገራለች። የኤምሬትስ የሳይበር ወንጀሎች ሕግ (እ.ኤ.አ. የ2021 ድንጋጌ ቁጥር 34) ይህንን በ44ኛው አንቀጽ ይዞታል። ሰውን ያለ ፈቃዱ መቅረጽና ምስሉን ማሰራጨት ከ6 ወር የማያንስ እስራት ወይም ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም መቀጮ፣ አለዚያም ሁለቱንም ያስከትላል። ሰውን ለመጉዳት ታስቦ የተሰራጨ ወሬ ከሆነ ደግሞ እውነት መሆኑ እንኳ አያድንም። ወር በወር 1,000 ድርሃም የምታገኝ ልጅ ትንሹን መቀጮ ለመክፈል የ12 ዓመት ተኩል ደመወዟን ሳትነካ ማስቀመጥ ይኖርባታል።

እውነት መሆኑ አያድንም የሚለው ለሙስሊም አንባቢ አዲስ ነገር አይሆንም። ጊባ ማለት ስለ ሌላው የሚጠላውን እውነት ከጀርባው መናገር ነው፤ ውሸት ከሆነማ ስሙ ቡህታን ነው።

አሁን ለምሳሌ ያህል አንዲት ልጅ እናቁም። ሻርጃ ገብታ 30 ቀን ሞልቷታል፤ ደብተሯ ላይ እንዲህ ጽፋለች እንበል፦ «ማዳም አራት ልጆች አሏት። ትልቁ ልጅ በሽተኛ ነው፣ ሌሊት ይጮኻል። ባልየው በወር ሁለት ሳምንት ቤት አይኖርም። ከመስኮቴ መስጂዱ ይታያል። ደመወዜ 1,000 ድርሃም ነው፤ 700ውን ለአባቴ ዕዳ ልኬአለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ደስተኛ ነኝ።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስድብ የለም፤ ችግሩን ለማየት አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ይህ የማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ ግን ነገሩ ይገለጣል። የልጁ ሕመም የልጁና የወላጆቹ ነው። የባልየው አለመኖር ለሌባ የተላከ ወሬ ነው። ከመስኮቱ የሚታየው መስጂድ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ከአራቱ ልጆችና ከባልየው ጋር ሲገናኝ ግን የሰፈሩ ሰው ቤቱን በጣቱ ይጠቁማል። የማዳምን ስም አለመጥራት የማያስተማምነውም ለዚህ ነው። የአባቷ ዕዳም የአባቷ ነው፤ አበዳሪውም ጎረቤቱም ቪዲዮውን ያዩታል። ደመወዙ የራሷ ነውና ልትናገረው ትችላለች፤ ነገ ዘመድ ሁሉ እያሰላ እንደሚጠይቃት ግን አስቀድማ ትወቀው።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ችግሩ ሌላ ነው። ልጅቱ የመጀመሪያውን ሳምንት ስታለቅስ ከርማ ከሆነ «በጣም ደስተኛ ነኝ» ማለቷ ውሸት ነው፤ የሚጎዳውም ማዳምን ሳይሆን አገር ቤት ሆና ይህንን አይታ ለደላላ ገንዘብ የምታዘጋጀውን ታናሽ እህት ነው። (በዕረፍት ቀን ዱባይ ሄዶ ቡርጅ ኸሊፋ ሥር መቀረጽም፣ ስለ ሌሎቹ ቀናት ምንም ካልተባለ፣ ከዚህ ብዙ አይርቅም።) የሰው ገመና ለመሸፈን ሲባል የራስን እውነት መሸፈን አያስፈልግም።

መፍትሔው የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት መለወጥ ነው። «እርሷ» እና «እነርሱ» የሚለው ወጥቶ «እኔ» ይገባል፦ «የምሠራው ልጆች ባሉበት ቤት ነው። ሥራዬ ከሱብሒ በኋላ ይጀምራል፤ ሌሊት የምነሳበትም ጊዜ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ አጥቼ አልቅሻለሁ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማስነሳት አላውቅም ነበር፤ ከቋንቋውም ‹ጂቢ› እና ‹ሩሒ› ከሚለው በቀር አይገባኝም ነበር። ደመወዜ 1,000 ድርሃም ነው፤ የመጀመሪያውን ተቀብያለሁ። በ30 ቀን ውስጥ ከቤት የወጣሁት ሁለት ጊዜ ነው።»

ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ይናገራል። የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ (እ.ኤ.አ. የ2022 ድንጋጌ ቁጥር 9) በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ከነክፍያው፣ በቀንም 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 8ቱ ሳይቋረጥ እንዲሆን ይደነግጋል። ልትሄድ የምታስብ እህት «ሁለት ጊዜ» የሚለውን ከዚህ ጋር አስተያይታ የራሷን ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ተናጋሪዋ ግን ማንንም አልከሰሰችም።

ጽሑፉ ከተስተካከለ በኋላም ምስሉ ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ ቀረጻውን ሁለት ጊዜ ማየት ይበጃል። አንዴ ድምፁን አጥፍቶ ከፊቷ ውጭ ያለውን ብቻ መመልከት ነው፤ መስተዋት፣ የምድጃው መስታወት፣ የልጅ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የመኪና ታርጋ፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ። ሁለተኛ ዓይንን ጨፍኖ ማዳመጥ ነው፤ ከሌላ ክፍል የልጅ ስም ሲጠራ ይሰማ ይሆናል። ከባዶ ግድግዳ ፊት መቀረጽ ይሻላል፤ የራሷ ክፍል ከሌላት ድምፅ ብቻ ትቅዳ። ዕረፍት ወጥታ የቀረጸችውንም ከቦታው ከተመለሰች በኋላ እንጂ እዚያው ቆማ አታሰራጨው።

ማዳምን ማስፈቀድስ? መልካም ነው፤ ነገር ግን የማዳም ፈቃድ ለእንግዶቿ አያገለግልም። በፈቃድ የተቀረጸ ቤት ደግሞ ምስጋና ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ይከብዳል። የእኛ ምርጫ ቤቱን ጨርሶ አለመቅረጽ ነው።

ደመወዝ የተከለከለች፣ ፓስፖርቷ የተወሰደባት ወይም የተመታች ልጅስ ዝም ትበል? አትበል። ኢማም አን-ነወዊ ጊባ የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ መጀመሪያ ያስቀመጡት የተበደለ ሰው በደሉን ሊያስቆም ለሚችል አካል ማመልከቱን ነው። ካሜራው ይህ አካል አይደለም። የአገሩ የሠራተኛ ሚኒስቴር፣ አቡ ዳቢ ያለው ኤምባሲያችንና ዱባይ ያለው ቆንስላችን ግን ናቸው። ለእነርሱ ስትናገር ስም፣ አድራሻና ቀን ሳታስቀር ትናገር። የማዳምን ንግግር በድብቅ መቅዳት በዚያው 44ኛ አንቀጽ ሊያስጠይቃት ስለሚችል፣ የሆነውን ሁሉ በየዕለቱ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በደብተር ትያዝ፤ የውሏን ቅጂና የሐዋላ ደረሰኞቿንም አብራ ታኑር። ቪዲዮው ጉዳዩ እስኪያልቅ ይቆይ።