ከ13 ፈተናዎች 7፦ ያላለቀ የኤሲሲኤ ትምህርት በሥራ ፕሮፋይል ላይ

ኤሲሲኤ እ.ኤ.አ. በ1904 ለንደን ውስጥ የተመሠረተ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ሲሆን፣ በማኅበሩ ስም የሚጠራው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ በኢትዮጵያ የባንክ፣ የኦዲትና የፋይናንስ ሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ደጋግሞ ይጠቀሳል። የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ወጥቶ ድርጅቶች ሪፖርታቸውን በዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ እንዲያዘጋጁ ከተደነገገ ወዲህ ይህን ደረጃ የሚያውቅ ሰው ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል። ፈተናዎቹ ግን ዓመታት ይፈጃሉ። ብዙው ተፈታኝ በሥራ ላይ እያለ፣ ማታና ቅዳሜ እያጠና፣ መንገዱን ሳይጨርስ የተሻለ ቦታ መፈለግ ይጀምራል። ፕሮፋይሉን ለመሙላት ሲቀመጥ የያዘው ነገር ገና ስም ያልወጣለት ግማሽ ማዕረግ ነው። ቢተወው የሁለትና የሦስት ዓመት ልፋቱ አይታይም፤ ሙሉ አድርጎ ቢጽፈው ደግሞ የሌለውን አለኝ ማለቱ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ፊደላቱ ምን እንደሚወክሉ ካለማወቅ ነው። ACCA የሚሉት አራት ፊደላት ከሰው ስም ኋላ ሲቀመጡ የትምህርቱን ሳይሆን የአባልነቱን ስም ያመለክታሉ። ትምህርቱ ለዓመታት በተሠራበት አደረጃጀት 13 ፈተናዎች አሉት። ሦስቱ በመጀመሪያው ደረጃ፣ ስድስቱ በመካከለኛው፣ አራቱ ስትራቴጂክ ፕሮፌሽናል በሚባለው የመጨረሻ ደረጃ ይሰጣሉ። ከዚህ በተጨማሪ በኮምፒውተር የሚወሰድ የሥነ ምግባር ትምህርትና በኃላፊ ፊርማ የተረጋገጠ የ36 ወር የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። ፈተናዎቹን ሁሉ ያለፈ፣ ልምዱ ግን ያልተሟላለት ሰው እንኳ አፊሊየት እንጂ አባል አይባልም፤ ፊደላቱንም ከስሙ ጋር መጠቀም አይፈቀድለትም። ሰባት ፔፐር ያለፈ ሰው «እገሌ፣ ኤሲሲኤ» ብሎ ሲጽፍ ስድስት ፈተና ብቻ ሳይሆን አንድ ሙሉ የአባልነት ሥርዓትም ዘሏል ማለት ነው። ነገሩን ማረጋገጥም ቀላል ነው፤ ማኅበሩ የአባላቱን ስም ማንም ሰው በኢንተርኔት ሊፈልገው በሚችል መዝገብ ይዟል። ቀጣሪው ስሙን እዚያ ሲያጣው፣ የተቀረውን የሕይወት ታሪክ የሚያነብበት ዓይን ይለወጣል። ከዚያም በላይ ተማሪው ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ በማኅበሩ የሥነ ሥርዓት ደንብ ሥር ስለሆነ ከተማሪዎች መዝገብ እስከ መሰረዝ የሚደርስ ቅጣት ሊያገኘው ይችላል።

አንዳንዴ ግን ሰውን የሚያሳስተው ቅጹ ራሱ ነው። ሊንክድኢን ላይ Licenses & certifications የሚለው ክፍል የማረጋገጫውን ስም፣ የሰጠውን አካልና የተሰጠበትን ቀን ይጠይቃል። «ገና በመማር ላይ» የሚባል ምርጫ የለውም። ብዙ ተማሪዎች ኤሲሲኤን እዚህ ክፍል አስገብተው የተሰጠበትን ቀን ባዶ ይተዉታል፤ ወይም የተመዘገቡበትን ወር ይጽፉበታል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ሁለቱም በእጅ ያለ ሰርተፍኬት መስለው ይታያሉ። የተሻለው ቦታ Education የሚለው ክፍል ነው፤ እዚያ የማብቂያው ቀን የሚጠበቅ ቀን ሊሆን እንደሚችል ቅጹ ራሱ ይፈቅዳል፣ ከሥሩም ዝርዝር የሚጻፍበት ሳጥን አለ። በእውነት መጻፉ ከፍለጋ ያስቀረኛል የሚለው ስጋትም ያን ያህል አያስኬድም። ቀጣሪዎች የሚፈልጉት በቃል ስለሆነ «የኤሲሲኤ ተማሪ» የሚለውም ሐረግ ቃሉን ይዟል።

በዚያ ሳጥን ምን እንደሚጻፍ ለማየት አንድ ሁኔታ እንውሰድ። አንዲት የሂሳብ ባለሙያ በ2011 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ተመርቃ በአንድ አስመጪ ድርጅት ትሠራለች እንበል። ዲግሪዋ ታይቶ ከአራት ፈተናዎች ነፃ ተደርጋለች፤ ተማሪዎች ኤግዘምፕሽን የሚሉት ይህ ነው። ሦስት ፈተናዎች ደግሞ ተቀምጣ አልፋለች፦ ፐርፎርማንስ ማኔጅመንት፣ ፋይናንሻል ሪፖርቲንግ፣ ኦዲት ኤንድ አሹራንስ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2026 ታክሴሽንን ተፈትና ውጤቷን እየጠበቀች ነው።

የተሟሉት ፈተናዎች ሰባት ናቸው። «ሰባት ፈተና አልፌአለሁ» ማለት ግን እውነት አይደለም፤ ያለፈችው ሦስት ነው። ነፃ መደረግ ማሳፈሪያ አይደለም፣ በዲግሪ የተገኘ ሕጋዊ መብት ነው። ሆኖም 50 ከመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ማለፍ የተለየ ነገር ስለሆነ ቀጣሪው ሁለቱን ለይቶ ማየት ይፈልጋል። ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፈጽሞ ባልታሰበበት ሰዓት ነው፤ ቃለ መጠይቅ አድራጊው የውጤት ዝርዝሩን አምጪ ይላል፣ ዝርዝሩም የትኛው ፔፐር በምን መንገድ እንደተሟላ አንድ በአንድ ይናገራል። የመጋቢቱ ፈተናም ከሰባቱ ጋር አይቆጠርም። በጽሑፍ ፈተናና በውጤት መካከል ስድስት ሳምንት ያህል ስላለ፣ በዚያ ጊዜ ትክክለኛው ቃል «ተፈትና ውጤት የምትጠብቅ» የሚለው ነው። ስለዚህ የፕሮፋይሏ መስመር እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ «የኤሲሲኤ ተማሪ። ከ13 ፈተናዎች 7 የተሟሉ፦ 4 በነፃ ማድረግ፣ 3 በፈተና። ታክሴሽን በመጋቢት 2026 የተወሰደ፣ ውጤት የሚጠበቅ።» ፕሮፋይሉ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ይዘቱ ያው ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ለቀጣሪ የሚጠቅመው ግን የፔፐሮቹ ስም ነው። ኦዲት ድርጅት የሚቀጥር ሰው የኦዲቱ ፈተና ታልፎ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፤ ሪፖርት አዘጋጅ የሚፈልግ ባንክ ፋይናንሻል ሪፖርቲንግን ይፈልጋል፣ ዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ የሚፈተነው እዚያ ነውና። «7 ከ13» የሚለው ብቻውን ይህን አይነግረውም። የታክሴሽን ፈተና ለብቻው ጥንቃቄ ይሻል። ፈተናው በአንድ አገር የግብር ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚፈተኑ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወስዱትም በብሪታንያ ሕግ የተዘጋጀውን ነው። ባለሙያዋ ብታልፈው እንኳ በገቢዎች ሚኒስቴር አሠራር ተፈትናለች ማለት አይደለም። የግብር ሠራተኛ ለሚፈልግ ድርጅት ስታመለክት የፈተናውን ዓይነት ብትጠቅስና የአገር ውስጡን የግብር ልምድ ከሥራዋ ሥር ለይታ ብትጽፍ፣ አንባቢው ሁለቱን አያምታታም።

የሚጠበቀውን ቀን መጻፍ ላይ ደግሞ ሰው ራሱን ያታልላል። በዓመት አራት የፈተና ጊዜዎች አሉ፦ መጋቢት፣ ሰኔ፣ መስከረምና ታኅሣሥ። ደንቡ በአንድ ጊዜ እስከ አራት ፈተና ስለሚፈቅድ በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ቶሎ የሚያልቅ ይመስላል። ባለሙያዋ ታክሴሽንን ብታልፍ አምስት ፈተና ይቀራታል፤ ፋይናንሻል ማኔጅመንትና የመጨረሻው ደረጃ አራቱ። በሥራ ላይ ያለ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ፔፐር ይዞ ቢሄድ ሰኔ፣ መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ ከዚያም መጋቢትና ሰኔ 2027 ይሆናል፤ የመጨረሻው ውጤት ሐምሌ ላይ ይወጣል። ይህ ግን አንድም ሳትወድቅ ነው። አንዱን ብትደግም መስከረም ተፈትና ጥቅምት 2027 ላይ ትደርሳለች። ስለዚህ «2026 መጨረሻ» ብላ ብትጽፍ ምኞቷን ጻፈች፤ «የቀሩት ፈተናዎች በ2027 መጨረሻ ይጠበቃሉ» ብትል ግን ቀኑን በስሌት አስደግፋለች። ቀኑ የፈተናዎቹ እንጂ የአባልነቱ አለመሆኑም ከቃሉ መታየት አለበት። በነገራችን ላይ እነዚህ ሁሉ ዓመታት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የምረቃዋን 2011 ሳትለውጥ እዚያው ፕሮፋይል ላይ ብታስገባ ስምንት ዓመት ያህል ቀድማ የተመረቀች ትመስላለች፤ ክፋት የሌለበት ስህተት ቢሆንም የልምድ ዘመንን ስለሚያስረዝም ከማጋነን ጋር ሊቆጠርባት ይችላል።

«ፓርት ኳሊፋይድ» እና «ፋይናሊስት» የሚሉት ቃላት በሙያው ሰዎች አፍ የተለመዱ ናቸው። ብቻቸውን ግን ብዙ አይናገሩም። የመጀመሪያው ሁለት ፔፐር የጨረሰውንም አሥራ ሁለት የጨረሰውንም ይሸፍናል፤ ሁለተኛውን አንዱ ለመጨረሻው ደረጃ ለደረሰ ሁሉ፣ ሌላው አንድ ፈተና ብቻ ለቀረው ሰው ይጠቀምበታል። ቁጥር ከተከተላቸው ግን ጉዳት የላቸውም።

በኢንተርኔት የሚሞሉ ማመልከቻዎች አንዳንዴ «ኤሲሲኤ አለዎት?» ብለው አዎ ወይም አይደለም ብቻ ይቀበላሉ። ለባለሙያዋ መልሱ «አይደለም» ነው፤ ምንም ያህል ቢከብድ። «አዎ» ያለ ሰው በማጣሪያው ቢያልፍም ቃለ መጠይቁ ላይ መጀመሪያ የሚያስረዳው ይህንኑ ይሆናል። ደረጃዋን የምትገልጸው በማመልከቻ ደብዳቤው የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ነው። ማስታወቂያው «ያጠናቀቀ» የሚለውን እንደ ግዴታ ሳይሆን እንደ ተመራጭነት ካስቀመጠው፣ ግማሽ መንገድ የሄደ አመልካች ብዙ ጊዜ ይታያል።

የወደቁ ሙከራዎችን መዘርዘር አስፈላጊ አይደለም። ፕሮፋይል የተሟላውን የሚያሳይ እንጂ የውጤት መዝገብ አይደለም፤ ቢጠየቁ ግን አለመካድ ነው። ከዚህ የሚከብደው የቆመ ትምህርት ነው። ዓመታዊ ክፍያውን ያልከፈለ ተማሪ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ስሙ ከመዝገብ የወጣና ሁለት ዓመት ፈተና ያልተቀመጠ ሰው «በመማር ላይ» ብሎ መጻፉ እውነትነቱ አልቋል። እንዲህ ያለው ሰው ያለፋቸውን ፔፐሮች ከነዓመታቸው ጽፎ «በአሁኑ ጊዜ የተቋረጠ» ማለት ይችላል። በመጨረሻው ደረጃ ላይ ያሉትን ደግሞ ሌላ ገደብ ይጠብቃቸዋል፤ ከዚያ ደረጃ የመጀመሪያው ፈተና ከታለፈ በኋላ የቀሩትን ለማጠናቀቅ ያለው ጊዜ ሰባት ዓመት ነው፣ ካለፈ የቀደመው ውጤት ሊቃጠል ይችላል።

የባለሙያዋ ውጤት ሚያዝያ ላይ ሲወጣ መስመሩን መልሳ ትከፍታለች። ካለፈች ሰባቱ ስምንት፣ «3 በፈተና» የሚለው 4 ይሆናል፣ «ውጤት የሚጠበቅ» የሚለው ይወጣል። ከወደቀች ሰባቱ እንዳለ ይቆያል፤ የመጋቢቱ ፈተና ከመስመሩ ይነሣል፣ የ2027 መጨረሻም አሁንም ያስኬድ እንደሆነ ከሰኔው ፈተና ጀምራ እንደገና ትቆጥራለች።