ማለቂያ የሌለው የማውጫ ክፍያ

በክሪፕቶ ስም ከሚፈጸሙት ማጭበርበሮች ቀላሉ «ስጦታ» የሚባለው ነው። በታዋቂ ሰው ስም የሚለቀቅ መልእክት፣ ወደ ተጠቀሰው ዋሌት ቢትኮይን ለላከ ሁሉ እጥፉ እንደሚመለስለት ያውጃል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 የባራክ ኦባማ፣ የቢል ጌትስና የኢሎን መስክ የትዊተር ገጾች ተሰብረው 1,000 ዶላር ለሚልክ 2,000 እንደሚመለስለት ተጽፎባቸው ነበር። መልእክቱ እስኪጠፋ ድረስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ100,000 ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ለላኪዎቹ እጥፍ ሆኖ የተመለሰ ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ዓይነት ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ጉዳቱም ከፍ ይላል። የሐሰት መገበያያ መድረክ ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም በተላከ የማያውቁት ሰው ሰላምታ ነው። ትውውቁ ለሳምንታት ከቆየ በኋላ ትርፍ የሚገኝበት መተግበሪያ ይጠቆማል። መተግበሪያው እንደ እውነተኛ ገበያ ዋጋው ሲወጣና ሲወርድ ያሳያል፣ ሒሳብም ይከፍታል። በውስጡ ግን ግብይት የለም። ገንዘቡ ገና ሲላክ በቀጥታ ወደ አጭበርባሪዎቹ ዋሌት ይገባል፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቀሪ ሒሳብ እነሱ ራሳቸው የሚጽፉት ቁጥር ነው።

አካሄዱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ሰው 500 ዶላር ያስገባና ከቀናት በኋላ 50 ዶላር ያወጣል እንበል። ይህች ትንሽ ገንዘብ በእውነት ትከፈለዋለች፤ ዋና ሥራዋም እምነት መግዛት ነው። ከዚያ 8,000 ዶላር ይጨምራል፣ ስክሪኑም 42,000 ደርሷል ይለዋል። ሊያወጣ ሲጠይቅ «የትርፍ ግብር 20 በመቶ በቅድሚያ ይከፈል» ይባላል፤ 8,400 ዶላር መሆኑ ነው። ሲከፍል የማንነት ማረጋገጫ ማስያዣ ይመጣል፣ ቀጥሎ የመዘግየት ቅጣት፣ ቀጥሎ የታገደ ሒሳብ ማስከፈቻ። እያንዳንዱ ክፍያ የመጨረሻው ነው ይባላል። ተበዳዩ የሚከፍለው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ካቆመ ያለፈውን ሁሉ ማጣቱን ማመን ስለሚኖርበት ነው።

ይህ ወጥመድ የገንዘብ ባለሙያንም ይይዛል። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ኤልክሃርት በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የሃርትላንድ ትራይ-ስቴት ባንክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ሻን ሄንስ ከዋትስአፕ ትውውቅ ተነሥቶ ወደ ክሪፕቶ ገባ። የራሱን ገንዘብ፣ ቀጥሎም ከቤተ ክርስቲያንና ከኢንቨስትመንት ማኅበር የወሰደውን ላከ። በ2023 ደግሞ ከባንኩ 47.1 ሚሊዮን ዶላር በየጊዜው አስተላለፈ። ያለውን ለማስለቀቅ ተጨማሪ 12 ሚሊዮን ያስፈልገኛል ብሎ አንድ ደንበኛውን ጠየቀ፤ ደንበኛው ግን ማጭበርበር መሆኑን ነገረው። ባንኩ በዚያው ዓመት በጁላይ ተዘጋ። ሄንስ በባንክ ገንዘብ ምዝበራ ተከሶ በ2024 ከ24 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይ አንድ ጥያቄ አለ፤ ክፍያው ከየት ይቆረጣል? በትክክለኛ መገበያያ የማውጫ ክፍያ ከሚወጣው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል። ከ42,000 ዶላር ላይ 8,400 ተቆርጦ 33,600 መላክ የማይቻልበት ምክንያት አይኖርም፣ ገንዘቡ ካለ። አዲስ ገንዘብ ከውጭ እንዲላክ መጠየቁ በሒሳቡ ውስጥ ምንም እንደሌለ ያሳያል። ግብርም ቢሆን ለመንግሥት ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት እንጂ ወደ ክሪፕቶ ዋሌት በተላከ ዩኤስዲቲ አይከፈልም።

የመጀመሪያዋ ትንሽ ወጪ ስለተሳካች መድረኩ ታማኝ ነው ማለት አይቻልም። የመተግበሪያው ውበትም ማስረጃ አይሆንም፤ ማንም ሊገለብጠው ይችላል።

በክሪፕቶ የተላከ ገንዘብ እንደ ባንክ ዝውውር በላኪው ጥያቄ አይመለስም። ዝውውሩ በብሎክቼይን ላይ ስለሚመዘገብ ግን መንገዱን መከታተል ይቻላል፤ ገንዘቡ ሕጋዊ መገበያያ ከደረሰና ጥቆማው ከፈጠነ ሊታገድም ይችላል። ስለዚህ የዋሌት አድራሻው፣ የዝውውር መለያ ቁጥሩና የንግግር መልእክቶቹ ሳይሰረዙ ለፖሊስና ገንዘቡ ለተላከበት መገበያያ መቅረብ አለባቸው። ከዚህ በኋላ «ገንዘብዎን አስመልሳለሁ» የሚል ባለሙያ ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። አስቀድሞ ክፍያ ከጠየቀ እሱም የዚያው ማጭበርበር ቀጣይ ምዕራፍ ነው።

የራስን ገንዘብ ለማውጣት ሌላ ገንዘብ ላክ የሚል ማንኛውም መድረክ ገንዘቡን ወስዶታል። ትርፉ ያለው ቀጣዩን ክፍያ ባለመላክ ነው።