ተጠባባቂው እየጠበቀ ነው

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ሰኞ ጠዋት ከአንድ አስመጪ ድርጅት የቅጥር ደብዳቤ ደረሳት እንበል። ዋስ አቅርባ በሳምንቱ ሥራ ትጀምራለች። ረቡዕ ግን ቀደም ብላ የተፈተነችበት ሌላ መሥሪያ ቤት ይደውላል፤ ደመወዙ ይሻላል፣ ለቤቷም ይቀርባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያው ድርጅት ሲደውል ስልኩን አያነሳም። ይሉኝታ ነው።

ይሉኝታው ግን የሚጎዳው ሌላ ሰው አለ። በብዙ የቅጥር ውድድር ካሸናፊው ቀጥሎ ያለው ሰው በተጠባባቂነት ይያዛል። የሰው ኃይል ክፍሉ ባለሙያዋ መቅረቷን እስካላወቀ ድረስ እሱን አይጠራውም። ሲዘገይ እሱም ሌላ ሥራ ይይዛል፤ ድርጅቱ እንደገና ማስታወቂያ ያወጣል። እዚያ ቤት ቂም የሚያስይዘው እምቢታው ሳይሆን ይህ የባከነ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። በመጀመሪያ የአዲሱ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እጅ ይግባ፤ የቃል ተስፋ ብቻ ይዞ የተገኘውን መልቀቅ ሁለቱንም ሊያሳጣ ይችላል። ከዚያ በዚያው ቀን ለኃላፊው ይደወልና ደብዳቤው ይከተላል።

«ጉዳዩ፦ ቅጥሩን መቀበል አለመቻሌን ስለማሳወቅ

በሒሳብ ባለሙያነት እንድሠራ ስለመረጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ሆኖም ሌላ የሥራ ዕድል አግኝቼ የተቀበልኩ በመሆኑ በድርጅታችሁ ሥራ መጀመር እንደማልችል በአክብሮት አሳውቃለሁ። በቃለ መጠይቁ ወቅት ስለ ዕቃ ግዢ ሒሳብ አያያዛችሁ የሰጣችሁኝ ማብራሪያ ስቦኛል፤ ወደፊት በዚህ ዘርፍ ክፍት ቦታ ሲኖር ብወዳደር ደስ ይለኛል። ያስገባሁት የዋስትና ደብዳቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር»

እምቢታው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ከዚያ ቢዘገይ አንባቢው ይደናገራል። የአዲሱ ቤት ስምም ሆነ ደመወዝ አልተጠቀሰም። ደመወዝ ከተጠቀሰ ደብዳቤው «ጨምሩልኝ» ተብሎ ይነበባል፤ ከጨመሩላት ደግሞ ባለሙያዋ ሌላ ቦታ ቃል ገብታለች። «በግል ችግር» ማለትም አያዋጣም። ሒሳብ ሠራተኞች ይተዋወቃሉና እውነቱ ወር ሳይሞላ ይሰማል። በሩን ክፍት የሚያደርገው ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ነው፤ የተነጋገሩበትን አንድ ጉዳይ ስለሚያነሳ ለማንም የሚላክ የይስሙላ ምስጋና አይመስልም።

ይህ ሁሉ ሥራ ሳይጀመር ነው። ከተጀመረ ጉዳዩ መልቀቂያ ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚያ ውስጥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠበቅበታል።

የዋስትናው መስመር ለብዙዎች ትርፍ ይመስላል። ነገር ግን አዲሱም መሥሪያ ቤት ዋስ ይጠይቅ ይሆናል፤ ዋስ የሚሆናት ደግሞ ያው አጎቷ ነው። የእሱ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያው ደብዳቤ ሳይመለስ ሁለተኛ አልጽፍም ሊል ይችላል።