ክብደት ሲቀየር ቁም ሳጥኑን ምን እናድርገው?

ታዋቂው የፋሽን ዲዛይነር ካርል ላገርፌልድ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2001 ባለው ጊዜ፣ በ13 ወር ገደማ ውስጥ 42 ኪሎ ቀነሰ። ምክንያቱን ሲጠየቅ ጤናን አላስቀደመም፤ ሄዲ ስሊማን የተባለው ዲዛይነር ለቀጫጭን ወጣቶች ይሠራቸው የነበሩትን ጠበብ ያሉ ሱፎች መልበስ አማረኝ ነበር ያለው። ላገርፌልድ ልብሱን ከላይ እስከ ታች ቢቀይር የሚጎዳው ነገር አልነበረም።

በቀዶ ሕክምና፣ በስኳር ሕመም ምክንያት በተጀመረ አመጋገብ ወይም ከወሊድ በኋላ ሰውነቱ የተለወጠ ሰው ግን ሁሉንም አውጥቶ ሁሉንም መግዛት አይችልም። ደግነቱ አያስፈልገውምም። ከነበረው ልብስ ብዙው በልብስ ሰፊ እጅ ሊተርፍ ይችላል። የሚተርፈውን ከማይተርፈው ለመለየት ግን ልብሱ እንዴት እንደተሰፋ ትንሽ ማወቅ ይጠይቃል።

መጀመሪያ የጊዜው ነገር አለ። ለምሳሌ ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው በፍጥነት የሚቀንሰው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው፤ ቅነሳው ግን እስከ ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ተኩል ይቀጥላል። በሦስተኛው ወር ኮቱን ያስጠበበ ሰው በዘጠነኛው ወር ተመልሶ ሊከፍል ነው። ስለዚህ የወገብና የዳሌ ልክ ለሁለት ለሦስት ወር ባለበት እስኪቆም መታገሥ ይሻላል። የሚለካውም በሚዛን ሳይሆን በልብስ ሰፊ ሜትር ነው፤ ስፖርት የሚሠራ ሰው ኪሎው ሳይነቃነቅ ወገቡ ሊቀንስ ይችላልና። እስከዚያው ቀበቶ፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪና ከሰልቫጅ ተራ የተገዙ አንድ ሁለት ልብሶች ጊዜውን ያሻግራሉ።

ልኩ ሲረጋ ልብሱ አንድ በአንድ ይለበሳል። ኮትና ሸሚዝ ላይ ቀድሞ መታየት ያለበት ሆድ ሳይሆን ትከሻ ነው። የእጅጌው ስፌት የትከሻው አጥንት የሚያበቃበት ቦታ ላይ ወይም በጣም ቀረብ ብሎ ካረፈ ልብሱ ተስፋ አለው። ከአጥንቱ አልፎ ሁለት ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ክንድ ከወረደ ግን ሥራው ይከብዳል፤ እጅጌው ይነቀላል፣ ገበሩ ይከፈታል፣ በውስጥ ያለው የትከሻ ስፖንጅ ይወጣል፣ ከዚያ ሁሉም እንደገና ይገጠማል። የተለመደ ኮት ላይ ይህን ማሠራት ብዙ ጊዜ ገንዘብን ማባከን ነው። ደግሞም ትከሻ በአብዛኛው አጥንት ስለሆነ እንደ ሆድና ዳሌ ብዙ አይለወጥም። ብዙ ኮት ከመጣል የሚድነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ወገቧ ከ102 ወደ 84፣ ዳሌዋ ከ118 ወደ 104 ሴንቲ ሜትር ወረደ እንበል። አንድ ጉርድ ቀሚስ፣ አንድ የሱፍ ሱሪና አንድ ኮት አላት።

ጉርዱ ቀላሉ ነው። ሁለት የጎንና አንድ የኋላ ስፌት አለው፤ እያንዳንዱ ስፌት ሁለት ጠርዝ ስላለው በድምሩ ስድስት ጠርዝ ይሆናል። ከወገብ የሚቀነሰው 18 ሴንቲ ሜትር ለስድስት ሲካፈል ከየጠርዙ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዳሌ ደግሞ 2.3 ያህል። የወገቡ መታጠቂያ ተፈትቶ ያጥራል፣ የኋላው ዚፕ ተነቅሎ ይመለሳል። ቅነሳው በሁሉም ስፌት ስለተከፋፈለ የጉርዱ ቅርጽ አይዛባም። ሰፊው ለመቸኮል ብሎ ሁሉንም ከኋላ ስፌት ብቻ ከወሰደ ግን የጎን ስፌቶቹ ወደ ኋላ ይሳባሉ፤ መስታወት ፊት ጎን ለጎን ሲቆሙ ወዲያው ይታያል።

ሱሪው ላይ ነገሩ ይጠብቃል። የሱፍ ሱሪ ወገብ የሚጠበው ከኋላ መሐል ባለው ስፌት ሲሆን፣ ከዚያ ቦታ ያለ ችግር የሚወሰደው 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ካለፈ ሁለቱ የኋላ ኪሶች ተቀራርበው ሊነካኩ ይደርሳሉ። እዚህ 18 ያስፈልጋል፤ አምስቱ ከኋላ ቢወሰድ 13 ይቀራል፣ ከየጎኑ 6.5 መሆኑ ነው። የጎን ኪሶች ያሉት ደግሞ እዚያው ነው። ስለዚህ ሱሪው ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ እንደ አዲስ መቆረጥ አለበት። ጨርቁ እጅግ ጥሩ ካልሆነ በቀር ይህ ሱሪ ለእህት ወይም ለጓደኛ ቢሄድ ይሻላል።

ኮቱ መሐል ላይ ነው። ትከሻው ከተቀመጠ፣ ከጎንና ከኋላ ስፌቶቹ በድምሩ አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር እጅጌው ሳይነካ ሊጠብ ይችላል። የቀረው ስፋት ይቀራል፤ ሳይቆለፍ ወይም ከሹራብ በላይ ይለበሳል።

የሐበሻ ቀሚስ የራሱ ጠባይ አለው። ከጥንትም ሰፋ ብሎ የሚለበስ ስለሆነ መቀነት ብቻውን ብዙ ይሠራል። መጥበብ ካለበት ደግሞ ከሁለቱም ጎን እኩል መሆን አለበት፤ ከደረት ወደ ታች የወረደው ጥበብ ከመሐል ከሸሸ ቀሚሱ ተበላሸ ማለት ነው። በእጅ የተሸመነ ሸማ ጠርዙ ቶሎ ስለሚተረተር ከተቆረጠ ወዲያው በኦቨርሎክ ወይም በእጅ መያያዝ ያስፈልገዋል።

ለወፈረ ሰው ጥያቄው ይገለበጣል፤ ውስጥ ስንት ጨርቅ አለ? ልብሱን ገልብጦ ማየት ነው። በልክ የተሰፋ ልብስ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ሊኖረው ይችላል፣ የፋብሪካ ሸሚዝ ግን አንድ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ይዞ በኦቨርሎክ ተዘግቷል። የወንድ የሱፍ ሱሪ የኋላ ስፌት ብዙ ጊዜ ለዚህ ተብሎ ሰፋ ያለ ትርፍ ይተውለታል። ትርፉ ቢኖርም ሁለት ነገር ይፈተሻል። ውጪው በፀሐይና በአጠባ ደብዝዞ የውስጡ ቀለም ደማቅ ከሆነ፣ ሲሰፋ መስመሩ ይታያል፤ ጂንስ በዚህ የታወቀ ነው። ቆዳና ሐር ላይ ደግሞ የድሮው መርፌ ቀዳዳ አይጠፋም። ሱፍ ጨርቅ ግን በእንፋሎት ሲተኮስ ቀዳዳውን አብዛኛውን ጊዜ ይውጠዋል።

ከሁሉ በላይ ለልብስ ሰፊው በግልጽ መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ፦ የጠበበው ትርፍ እንዳይቆረጥ። የቀነሰ ክብደት በከፊል መመለሱ የተለመደ ነው፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም። በእርግጥ ሁሉንም ማስቀረት አይቻልም። ዳሌ ላይ ስፌቱ ስለሚጎብጥ ብዙ ትርፍ ተኝቶ አይቀመጥም፤ ከውጪ እንደ ገመድ ጎልቶ ይታያል። እዚያ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተትቶ ሌላው ቢነሳ ይበቃል።

ልብሱን ሲረከቡ እዚያው ለብሰው ይቀመጡ፣ ጎንበስ ይበሉ፣ እጅዎን ወደ ፊት ይዘርጉ። የጀርባው ስፌት ከተወጠረ ወይም ኪሱ አፉን ከከፈተ ከመጠን በላይ ጠቧል፤ ትርፉ አልተቆረጠምና በዚያው ቀን እንዲለቀቅልዎ ይጠይቁ።